ወክ፣ ብረት ወይስ ቦርጭ መቀነስ? ለብልት መቆምና ለቴስቶስቴሮን የቱ ይሻላል

ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ወንዶች ፋርማሲ በር ላይ ቆመው፣ ሰው እስኪያልፍ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። «መቆሙ እየደከመብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?» ነው ጥያቄው። ለሐኪም ግን አይነግሩም። ለጓደኛ ከነገሩም ምክሩ አይጠፋም። አንዱ «ወክ ጀምር» ይላል። ሌላው «ብረት አንሳ፣ ሆርሞንህ ከፍ ይላል» ይላል። ሦስተኛው ሆድ ሆዱን እያየ «መጀመሪያ ይህን ቦርጭ አጥፋ» ይላል።

ሦስቱም ምክሮች ውስጥ እውነት አለ። ችግሩ ሦስቱም የሚሠሩት በአንድ ነገር ላይ አለመሆኑ ነው። ባሕር ዳር ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል ሰው የሚበጀው፣ ቢቸና ላይ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ለሚውል ገበሬ አይሆንም። እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ምርጫው ውስጥ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮችን እንለያይ።

መቆምና ፍላጎት አንድ አይደሉም

ብልት የሚቆመው በደም ነው። ስሜት ሲመጣ ነርቮችና የደም ሥር ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ነገር ይለቃሉ። ይህ ሥሩን ያላላዋል፣ ደም ይገባል፣ የገባውም ደም ተይዞ ይቆያል። የደም ሥሩ ግድግዳ በስኳር፣ በግፊት፣ በሲጋራ ወይም በስብ ከተጎዳ ናይትሪክ ኦክሳይዱ ያንሳል። ፍላጎት አለ፣ አካሉ ግን እሺ አይልም።

ቴስቶስቴሮን ደግሞ ይበልጥ የሚገዛው ፍላጎቱን ነው። ሲያንስ ሰውዬው ሐሳቡም አይመጣለትም። ጠዋት ጠዋት የሚኖረው መቆም ይቀንሳል፣ ድካም ይበዛል፣ ጡንቻ ይሟሽሻል። መጠኑ ከመደበኛው በጥቂት ዝቅ ያለ ሰው ግን ብልቱ በደንብ ሊቆም ይችላል። ቴስቶስቴሮኑ ሙሉ የሆነ የስኳር ታማሚ ደግሞ ሊያቅተው ይችላል።

ሦስተኛም መልክ አለ። ጠዋት ሲነቃ በደንብ ይቆማል፣ ከሚስቱ ጋር ሲሆን ግን ይከዳዋል። እዚህ ላይ ደም ሥሩም ሆርሞኑም ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው። ጭንቀት፣ ድብርት ወይም በቤት ውስጥ ያለ ቅያሜ ነው መታየት ያለበት። ለዚህ ሰው ብረት ማንሳት ዋናው መልስ አይደለም።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ የምጠይቀው፣ በጥናት ሲፈተን መቆሙን አጠናክሯል ወይ የሚለውን ነው። ሁለተኛው ቴስቶስቴሮንን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ የሚቆጠረው ለአንድ ሰዓት ከፍ ብሎ የሚወርደው ሳይሆን በዕረፍት ጊዜ ጠዋት የሚለካው ነው። ከዚያ ስንት ወር ይፈጃል፣ ምን ያህል ያስወጣል፣ በክረምቱ ጭቃና በጾሙ መሀል ይዘለቃል ወይ እላለሁ። በመጨረሻም ማንን ሊጎዳ እንደሚችል አያለሁ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ወክ፦ ለደም ሥር

መቆምን በተመለከተ ከሦስቱ ጠንካራው ማስረጃ ያለው ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ነው። ፈጣን እርምጃ፣ ዳገት መውጣት፣ ሩጫና ብስክሌት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በ2018 የወጣ የጥናቶች ግምገማ የሚሰጠው መጠን ግልጽ ነው፦ በሳምንት 4 ቀን፣ በየቀኑ 40 ደቂቃ፣ ለ6 ወር። በ2023 የወጣ ሌላ ግምገማ ደግሞ ከ30 በሚታሰብ የመቆም መለኪያ ውጤቱን አስልቷል። ችግራቸው ቀላል የነበረ ወንዶች በአማካይ ወደ 2 ነጥብ፣ ከባድ የነበረባቸው ደግሞ ወደ 5 ነጥብ አሻሽለዋል። በጣም የተቸገረው የበለጠ ይጠቀማል እንደ ማለት ነው።

ምክንያቱም ይገባል። በፍጥነት ሲራመዱ ደሙ የሥሩን ግድግዳ እየታከከ በኃይል ያልፋል። ያ መታከክ ግድግዳው ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመርት ያነቃዋል። ሲልዴናፊል የሚባለው ኪኒንም የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ ከተለቀቀ በኋላ ነው፤ የጀመረውን ሥራ ያራዝምለታል እንጂ በራሱ አያመርተውም። ለዚህ ነው ኪኒኑን ከእንቅስቃሴ ጋር የያዘ ሰው ኪኒን ብቻ ከሚውጥ ሰው የተሻለ ውጤት የሚያገኘው።

ነገር ግን ወክ ሁሉ ወክ አይደለም። ከጓደኛ ጋር ጣና ዳር እያወሩ፣ በየመሀሉ ቆም እያሉ፣ ቡና ጠጥቶ መመለስ ለመንፈስ ጥሩ ነው። የደም ሥርን ለማሠራት ግን አይበቃም። ፍጥነቱን በስልክ መለኪያ ማወቅ አያስፈልግም። ሰዓትዎን ይዘው ለ15 ሰከንድ እርምጃዎን ይቁጠሩ። 25 ካልሞላ ዝግ ብለዋል። ወደ 30 ከተጠጋ ልክ ነው። ሌላው ምልክት ትንፋሽ ነው፤ ዓረፍተ ነገር መናገር ይችላሉ፣ መዝፈን ግን አይችሉም። ደብረ ማርቆስ ላይ ዳገቱ ራሱ ያግዝዎታል። ባሕር ዳር ግን ሜዳ ስለሆነች በእርምጃ ፍጥነት መካስ ይኖርብዎታል፤ ወይም በሳምንት አንድ ቀን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣት ነው።

ቴስቶስቴሮን ላይስ? እዚህ ወክ ደካማ ነው። ክብደት ሳይቀንስ ወክ ብቻ ያደረገ ሰው የጠዋት ቴስቶስቴሮኑ ብዙም አይነቃነቅም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ከሦስት ወር በኋላ ሆርሞን ተለክቶ «ምንም አልሠራም» ብሎ መተው አይመጣም። ወክ የሚሠራው ሌላ ቦታ ላይ ነው።

የባሕር ዳር ሰው ብስክሌት ስለሚወድ አንድ ነገር ልጨምር። ብስክሌትም እንደ ወክ ይቆጠራል። ሲወርዱ ግን ከብልትዎ ሥር ወይም ብልትዎ ላይ ድንዛዜ ከተሰማዎት ኮርቻው ነርቭና ደም ሥር እየተጫነ ነው። ሰፋ ወዳለ ኮርቻ ይቀይሩ፣ ጫፉን ትንሽ ወደ ታች ያዘንብሉ፣ መሀል መሀል ላይ ከመቀመጫው ይነሱ።

ብረት፦ የሚወራውና የሚሠራው

ብረት ላይ የሚወራው ብዙ ነው። «ስኳት ሥራ፣ ቴስቶስቴሮንህ ይፈነዳል» ይባላል። ወሬው የተነሣው ከእውነት ነው። ከባድ ብረት ካነሱ በኋላ ቴስቶስቴሮን ከፍ ይላል። ከፍ የሚለው ግን ለአጭር ጊዜ ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለወራት ብረት የሠሩ፣ ሆርሞናቸው መጀመሪያም ደህና የነበረ ወንዶች ሲለኩ የዕረፍት ጊዜ መጠናቸው በዚህ ምክንያት ከፍ ብሎ አልተገኘም። በ2021 የወጣ የጥናቶች ስብስብም እንቅስቃሴ ለማያዘወትሩና መደበኛ ሆርሞን ላላቸው ወንዶች ይህንኑ ነው ያረጋገጠው።

መቆም ላይም ብረትን ብቻውን የፈተኑ ጥናቶች ጥቂት ናቸው። ጥሩው ውጤት የመጣው በአብዛኛው ልብ ከሚያስመታው እንቅስቃሴ ነው።

ታዲያ ብረት ለምን እዚህ ምርጫ ውስጥ ገባ? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ስኳር ነው። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር አብዛኛውን የሚወስደው ጡንቻ ነው። ስኳሩ ከፍ ማለት ለጀመረ ሰው ጡንቻ መሥራት የደም ሥሩን ከጉዳት ያርቃል። ሁለተኛው፣ ክብደት የሚቀንስ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራ ብረት ይህን ኪሳራ ይቀንሳል።

ጂም የግድ አይደለም። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። እሱን በሁለት እጅ ይዘው 10 ጊዜ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ከዚያ ፑሽአፕ፣ ከዚያ ጀሪካኑን ወደ ሆድ መሳብ። ይህንን ዙር 3 ጊዜ ይደግሙታል። ሲጨርሱ «ሁለት ሦስት ልጨምር እችላለሁ» የሚል አቅም ቀርቶዎት መሆን አለበት። ትንፋሽ አይያዙ፣ በተለይ ግፊት ካለብዎት። ሲያነሱ ያስወጡ።

አንድ የማይነገርለት ጡንቻ ደግሞ አለ። ሽንት ለማቋረጥ የምንጠቀምበት፣ ከብልት ሥር ያለው ወለል ነው። ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዘው እሱ ነው። በእንግሊዝ አገር 55 ወንዶች ላይ በተሠራና በ2005 በወጣ ጥናት፣ ይህን ጡንቻ ካሠሩት ውስጥ 40 በመቶዎቹ ወደ መደበኛ ሁኔታ ተመልሰዋል፣ ሌሎች 35 በመቶ ገደማ ተሻሽለዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። እንደ ሽንት ማቋረጥ ጨብጠው 10 ሰከንድ ይይዛሉ፣ 10 ሰከንድ ይለቃሉ። ሆድና ቂጥ መጨበጥ የለባቸውም። ትክክል ከሠሩት ብልትዎ ከሥሩ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ የዘር ፍሬዎም ከፍ ሲል ያያሉ። ሽንት ቤት ውስጥ እውነተኛ ሽንት እያቋረጡ ግን ልምምድ አያድርጉ፤ ያ ጡንቻውን ለመለየት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው።

ጂም ውስጥ የሚሸጠውን መርፌ በተመለከተ መታገስ አልችልም። ከውጭ የገባ ቴስቶስቴሮን አንጎልን «በቂ አለ» ያሰኘዋል። አንጎል ትእዛዙን ያቆማል፣ የዘር ፍሬ ሥራውን ይተዋል፣ ይሟሽሻል፣ የዘር ፈሳሹም ፍሬ ያጣል። ልጅ የሚፈልግ ወጣት ይህን ሳያውቅ ይወጋል። መርፌውን ሲያቆም ደግሞ የራሱ እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ፣ ሊወስድ ይችላል።

ክብደት መቀነስ፦ ለሆርሞን ዋናው፣ ግን ለሁሉም አይደለም

ቦርጭ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ስብ አይደለም። ቴስቶስቴሮንን ወደ ሴት ሆርሞን ወደ ኢስትሮጅን የሚለውጥ ኢንዛይም ይዟል። ኢንሱሊን ከፍ ሲል ደግሞ ጉበት ቴስቶስቴሮንን ተሸክሞ የሚዞረውን ፕሮቲን ያሳንሳል፣ ስለዚህ በላብራቶሪ የሚለካው ጠቅላላ መጠን ይወርዳል። ከዚህ በላይ ማታ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ወፍራም ሰው እንቅልፍ ስለማይጠግብ ሆርሞኑ ሌሊት እንደሚገባው አይመረትም።

ስለዚህ ቦርጩ ሲቀልል ሆርሞኑ ይመለሳል። ምን ያህል? በ2013 የወጣ ስብስብ እንደሚያሳየው በአመጋገብ ከክብደታቸው ወደ 10 በመቶ የቀነሱ ወንዶች በአማካይ 80 ናኖግራም በዴሲሊትር ገደማ አግኝተዋል። በቀዶ ጥገና በጣም ብዙ የቀነሱት ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል። ሁለት ሦስት ኪሎ የቀነሰ ሰው ብዙ መጠበቅ የለበትም።

መቆም ላይም ጥሩ ጥናት አለ። ጣሊያን አገር ኔፕልስ ውስጥ 110 በጣም ወፍራም ወንዶች ተመረጡ፤ ሁሉም የመቆም ችግር ነበረባቸው፣ ስኳርና ግፊት ግን አልነበራቸውም። ግማሾቹ ዝርዝር የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር አገኙ፣ ግማሾቹ አጠቃላይ መረጃ ብቻ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 55 ሰዎች 17ቱ ወደ መደበኛ ተመለሱ። ከሌሎቹ 55 ግን 3 ብቻ። ውጤቱ በ2004 ወጣ። ሲሶ ያህሉ ሙሉ ለሙሉ ዳኑ፤ ሌሎቹ ተሻሻሉ ወይም ባሉበት ቆዩ። ተስፋችንን በዚህ ልክ ብናደርገው ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ጎጃም ውስጥ በጣም የሚያስፈልገውን ማስጠንቀቂያ ላምጣ። ከሲታ ሰው ክብደት መቀነስ የለበትም። ሰውነት ምግብ ሲያንሰው ዘር ማፍራትን የቅንጦት ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ አንጎል ትእዛዙን ይቀንሳል፣ ቴስቶስቴሮን ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ አርሶ፣ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ፣ ማታ በሽሮ የሚያድር ገበሬ «ቦርጭ ቀንስ» የሚባለውን ምክር መስማት የለበትም። ወገቡ ቀጭን ሆኖ መቆም ካቃተው መጠርጠር ያለበት ስኳር፣ ግፊት፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ አረቄና ድብርት ነው። ወክ መጨመርም አይጠቅመውም፤ እሱ ገበያ ሄዶ ሲመለስ ከተማ ያለው ሰው በሳምንት የማይሄደውን ይሄዳል።

ወገብዎን ይለኩ። ሜትሩ እምብርት ደረጃ፣ ትንፋሽ ካስወጡ በኋላ፣ ሆድ ሳይሳብ። ከ94 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ መጠንቀቅ ነው። ከ102 በላይ ከሆነ ክብደት መቀነስ የመጀመሪያው ሥራዎ ነው። ከ94 በታች ከሆነ ይህን አማራጭ ይለፉት።

ጾሙን በተመለከተ ብዙ ሰው ጾም ሲገባ እቀንሳለሁ ይላል። ሳይቀንስ ፋሲካ ይደርሳል። ሥጋና ቅቤ ቢቀርም ዘይት ይጨመራል፣ ዳቦ ይበዛል፣ ማታ ደግሞ ቀኑን የሚክስ ብዙ እንጀራ ይቀርባል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ ሽሮው ውስጥ አራት ከገባ ልብ ይሏል። በጾም ጊዜ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር መጨመር፣ ዘይትና እንጀራ መቀነስ ነው መንገዱ። ጡንቻ እንዳይጠፋ ፕሮቲኑ ከእነዚህ ይመጣል።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| መመዘኛ | ፈጣን ወክ | ብረት | ክብደት መቀነስ |
|---|---|---|---|
| መቆምን ማጠናከር | ጠንካራ ማስረጃ | ብቻውን ደካማ | ቦርጭ ላለው ጠንካራ |
| ቴስቶስቴሮን | ብቻውን ጥቂት | ለአንድ ሰዓት ብቻ | ቦርጭ ላለው ከሁሉ የተሻለ |
| ለውጥ የሚታይበት ጊዜ | ከ3 እስከ 6 ወር | ጉልበት በ2 ወር | ከ6 ወር በላይ |
| ወጪ | ጫማ ብቻ | ከጀሪካን እስከ ጂም ክፍያ | ወጪ ይቀንሳል |
| አስቸጋሪው ነገር | የክረምት ጭቃ | የተሳሳተ አሠራር | ግብዣ፣ ቢራ፣ ጠላ |
| የማይሆንለት | ሲራመድ ደረቱን የሚያመው (ሐኪም እስኪያየው) | ያልተቆጣጠረ ግፊት ያለው | ከሲታ ሰው |

ለማን የቱ?

ፍላጎትዎ ሙሉ ሆኖ መቆሙ ብቻ ከደከመ፣ ወገብዎም ከ94 በታች ከሆነ ወክ ይጀምሩ፣ የወለሉን ጡንቻ ልምምድ ይጨምሩ። አንድ ብር አያስወጣም። ቀኑን በእግርዎና በጉልበትዎ የሚሠሩ ከሆነ ግን ወክ አያስፈልግም፤ የስኳርና የግፊት ምርመራ ነው የሚያስፈልግዎት።

ፍላጎትም መቆምም ከቀነሱና ወገብዎ ከ102 ካለፈ፣ ክብደት መቀነስ ዋናው ነው። ወክ አብሮ ይሄዳል። ብረት በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን ለመጠበቅ። ጂም ለመግባት ገንዘብ ከሌለዎት አይቆጩ፤ ከሦስቱ ለዚህ ጉዳይ ቢቀር ብዙ የማያጎድለው የጂም ክፍያው ነው።

ስኳር ያለብዎት ከሆነ ወክና ብረት አንድ ላይ ይሁኑ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ግን ባዶ ሆድ አይውጡ፣ ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ይያዙ።

ከመጀመርዎ በፊት

የብልት ደም ሥር 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ስፋት ነው ያለው። የልብ ደም ሥር 3 ወይም 4። ቆሻሻ ሲጠራቀም ቀድሞ የሚዘጋው ቀጭኑ ነው። ስለዚህ የመቆም ችግር ከልብ ሕመም በፊት፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ይመጣል። ዕድሜዎ ከ40 በላይ ሆኖ ይህ ችግር ከጀመረዎት ግፊትዎን፣ በባዶ ሆድ ስኳርዎንና የደም ስብዎን ያስመርምሩ። ይህ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ሊጀመር የሚችል ነው። ዳገት ሲወጡ ደረትዎን የሚጨብጥዎት ከሆነ ወክም ብረትም ሳይጀምሩ ሐኪም ይዩ።

ቴስቶስቴሮን የሚለካው ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በባዶ ሆድ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ነው። ከሰዓት በኋላ የተለካ፣ ወይም ወባና ጉንፋን ይዞት የተለካ ሰው ውሸት ዝቅ ያለ ውጤት ያገኛል። በሁለቱም ቀን ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ነው ዝቅ ብሏል የሚባለው።

የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ስሙን ይዘው ይሂዱ። እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና አቴኖሎል ያሉት አንዳንድ ሰው ላይ መቆምን ያዳክማሉ። በራስዎ ግን አያቋርጡ። ሐኪም በሌላ ሊተካው ይችላል።

በማር ስም የሚሸጡ የወሲብ ማበረታቻዎችንም ይጠንቀቁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2022 አንዳንዶቹን መርምሮ ያልተገለጸ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል አግኝቶባቸዋል። የልብ ሕመምተኛ ናይትሬት ከሚባለው መድኃኒቱ ጋር ይህን ሳያውቅ ቢወስድ ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። የጎጃም ማር ሳይቀላቀልበት ይጣፍጣል።

አንድ ሰው እንውሰድ

ደብረ ማርቆስ የሚኖር የ46 ዓመት ሒሳብ ሠራተኛ እንበል። ቢሮ ይቀመጣል፣ በባጃጅ ይመላለሳል፣ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ቢራ ይጠጣል። ቁመቱ 1.72፣ ክብደቱ 92 ኪሎ፣ ወገቡ 108። ፍላጎቱ ቀንሷል፣ መቆሙም ደክሟል። ሐኪም ቤት አምስት ጥያቄ ያለው መጠይቅ ሞልቶ ከ25 ነጥብ 14 አገኘ፤ 22ና ከዚያ በላይ ነው መደበኛ። ስኳሩ በባዶ ሆድ 112 ነው፤ ወደ ስኳር በሽታ እያዘነበለ ነው። ቴስቶስቴሮኑ በሁለት ጠዋት ሲለካ 280 እና 295 ሆነ።

ይህ ሰው ሁለቱም ችግር አለበት፣ ወገቡም ከ102 አልፏል። ስለዚህ ዋናው ክብደት ነው። ግቡ በ6 ወር 9 ኪሎ ይሁን፣ ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። 9 ኪሎ ወደ 69,000 ይሆናል።

ወክ ብቻ ይበቃዋል? በሳምንት 160 ደቂቃ በፍጥነት ቢራመድ 14 ወይም 15 ኪሎሜትር ይሄዳል። ለዚህ ክብደት ተጨማሪ የሚቃጠለው በሳምንት 700 ካሎሪ አካባቢ ነው። በ6 ወር ወደ 18,000። ሁለት ኪሎ ተኩል አይሞላም። ስለዚህ የቀረው 51,000 ከምግብና ከመጠጥ መቀነስ አለበት። በቀን ሲካፈል 280 ካሎሪ ነው። አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ካሎሪ አካባቢ ነው። ሁለቱን የማታ ቢራ ቢተው በየቀኑ የሚያስፈልገውን ያገኛል። ሙሉ በሙሉ ማቆም ከከበደው በሳምንት አምስት ቀን ትቶ፣ የቀረውን ከወጡ ዘይት ይቀንሳል። ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ ግን የሚያቃጥለውም ያንሳል፤ አራተኛ ወር ላይ ሚዛኑ ቢቆም እንዳይደነግጥ። ያኔ ከማታው እንጀራ ግማሹን ይቀንሳል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት 20 ደቂቃ ይራመድ። ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመረ 40 ይድረስ። ማክሰኞና ዓርብ ጀሪካኑን ያንሳ። የወለሉን ጡንቻ ጠዋትና ማታ ይሥራ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ከከለከለው ቢሮው ደረጃ ካለው 15 ደቂቃ ጠዋት፣ 15 ደቂቃ ማታ መውጣት መውረድ ይተካዋል። እንቅልፉንም ያስተካክል፤ ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት ሌሊት 5 ሰዓት ብቻ ሲተኙ ቴስቶስቴሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዶ ተገኝቷል። በጣም የሚያንኮራፋ ከሆነ ሚስቱን ይጠይቃት፤ ትንፋሹ እየተቆረጠ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት።

ሦስተኛ ወር ላይ ሆርሞን አይለካ። ወገቡንና ስኳሩን ይለካ፣ መጠይቁን እንደገና ይሙላ። ወገቡ በ4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ከቀነሰ መንገዱ ትክክል ነው። ካልቀነሰ የሚበላውን ለአንድ ሳምንት ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ዘይቱና ቢራው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይገኛሉ።

ስድስተኛ ወር ላይ 9 ኪሎውን ከቀነሰ፣ በአማካዩ ከሄድን ቴስቶስቴሮኑ ወደ 370 ይጠጋል፣ መጠይቁም ወደ 17 ይደርሳል። 22 ላይደርስ ይችላል። ያኔ ሆርሞን አያስፈልገውም፤ የቀረውን ክፍተት ሐኪም በኪኒን ሊሞላለት ይችላል፣ ወኩም ይቀጥላል። ክብደቱ ቀንሶ እያለ ሁለት ጠዋት ተለክቶ አሁንም ከ300 በታች ከሆነ ግን ችግሩ ቦርጭ ብቻ አልነበረም። ኤልኤች እና ፕሮላክቲን የሚባሉትን ሆርሞኖች መመርመር ያስፈልገዋል። ለዚህ ባሕር ዳር ወዳሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ሪፈር ይጠይቅ፤ ሲሄድም የሁለቱን ጠዋት ውጤት፣ የወገቡን ልክና የመድኃኒቶቹን ስም በአንድ ወረቀት ጽፎ ይያዝ።